የመጀመሪያ ረቂቅ የቱን አርትዖት ያስቀድም?

አንድ ጀማሪ ደራሲ ረቂቁን ጨርሶ «ኤዲተር እፈልጋለሁ» ሲል በአንድ ስም ሦስት ሥራ ይጠራል። ሦስቱ የሚመለከቱት ነገር ይለያያል፤ የሚሠሩበት ጊዜ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜም የሚሠሯቸው ሰዎች ይለያያሉ። ደራሲው የቱን እንደሚጠይቅ ሳያውቅ ረቂቁን ሲሰጥ፣ ተቀባዩም የለመደውን ይሠራል፤ የለመደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፊደል ማረምና ዓረፍተ ነገር ማቃናት ነው። አገራችን ውስጥ ብዙ ደራሲ መጽሐፉን በራሱ ገንዘብ ስለሚያሳትም፣ በረቂቁና በማተሚያ ቤቱ መካከል ቆሞ «ይህ ገና ነው» የሚል አሳታሚ የለም። ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ደራሲው ራሱ ነው። የዚህ መመሪያ አቋም የሚከተለው ነው፦ የመጀመሪያ ረቂቅ በቅድሚያ የሚፈልገው የመዋቅር አርትዖት ነው፤ የቋንቋ አርትዖት መዋቅሩ ከረጋ በኋላ ይመጣል፤ የመጨረሻው እርማት ደግሞ ገጹ ከተቀናበረ በኋላ።

ሦስቱ ሥራዎች ምን ምን ይመለከታሉ?

የመዋቅር አርትዖት፣ በውጭ አገር አሳታሚዎች ዘንድ ዴቨሎፕመንታል ኤዲቲንግ የሚባለው፣ መጽሐፉን በሙሉ እንደ አንድ ነገር ይመረምራል። ታሪኩ መጀመር ካለበት ቦታ ጀምሯል? ተራኪው ማን ነው፣ ለምንስ እሱ ሆነ? የትኛው ምዕራፍ ቢወጣ አንባቢ ሳያስተውል ያልፋል? መጨረሻው ከፊተኛው ታሪክ የመጣ ነው ወይስ ድንገት የተለጠፈ? መጽሐፉ ልብ ወለድ ካልሆነ ደግሞ ሐሳቡ በምን ተራ ቢቀርብ አንባቢ እንደሚከተለው፣ የትኛው ማስረጃ እንደጎደለ፣ የቱ ነገር ሁለቴ እንደተነገረ ይጠይቃል። የመዋቅር አርታኢ ዓረፍተ ነገር አያርምም። ለደራሲው የሚሰጠው የተወሰኑ ገጾች ያሉት ደብዳቤና በረቂቁ ጠርዝ ላይ የሰፈሩ ጥያቄዎችን ነው፤ መልሶ የሚጽፈው ደራሲው ነው።

የቋንቋ አርትዖት ወይም ኮፒ ኤዲቲንግ በዓረፍተ ነገር ደረጃ ይሠራል። ሰዋስው፣ የቃላት ምርጫ፣ ድግግሞሽ፣ ሥርዓተ ነጥብና ወጥነት የእሱ ድርሻ ናቸው። ለአማርኛ ይህ ሥራ የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ቃል በአንድ መጽሐፍ ውስጥ «ጽሑፍ»፣ «ጽሁፍ» እና «ፅሁፍ» እየተባለ ሊጻፍ ይችላል፤ ሊቀ መንበሩ በአንድ ገጽ «አንቱ» ተብለው በሚቀጥለው «አንተ» ሊባሉ ይችላሉ፤ አንዱ ዘመን በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጆቹ ሆኖ ምልክት ሳይደረግበት ሊያልፍ ይችላል። የቋንቋ አርታኢ እነዚህን ሁሉ በአንድ ሕግ ያስኬዳል፤ ገጸ ባሕርይዋ በምዕራፍ 2 የሠላሳ ዓመት ሴት ሆና ከሁለት ዓመት በኋላ ሃያ ዘጠኝ ሆና ብትገኝም ይህን የሚይዘው እሱ ነው።

የመጨረሻው እርማት፣ በተለምዶ ፕሩፍ ሪዲንግ የምንለው፣ ረቂቁን ሳይሆን ሊታተም የተቀናበረውን ገጽ ያነባል። የሚፈልገው ሁለት ዓይነት ስሕተት ነው፦ ከቀደሙት ዓይኖች ያመለጠውንና በገጽ ቅንብር ጊዜ አዲስ የተፈጠረውን። ይህ ሥራ ከሌሎቹ ሁለት የተለየ ለመሆኑ በ1631 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ጥሩ ማስረጃ ነው። ትርጉሙ ሃያ ዓመት ቀድሞ በሊቃውንት ተሠርቶ የታተመ ነበር፤ በመዋቅሩም ሆነ በቋንቋው የተነካ ነገር አልነበረም። ነገር ግን በዚያ ኅትመት ዝሙትን ከሚከለክለው ትእዛዝ ውስጥ የአሉታው ቃል ወድቆ ቀረና ትእዛዙ ዝሙትን የሚያዝ ሆነ። አታሚዎቹ ሮበርት ባርከርና ማርቲን ሉካስ 300 ፓውንድ ተቀጡ። ፍጹም የሆነ ረቂቅም ቢሆን ወደ ገጽ ሲገባ ሊበላሽ ስለሚችል፣ የመጨረሻው እርማት ከኅትመት በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት ካልሆነ ትርጉም የለውም።

መዋቅር የሚቀድመው ለምንድን ነው?

ምክንያቱ በአጭሩ የብክነት ጉዳይ ነው። የመዋቅር ለውጥ ዓረፍተ ነገሮችን ይጥላል፣ አዳዲሶችንም ይወልዳል። ቋንቋው አስቀድሞ ከታረመ፣ የተጣሉት ዓረፍተ ነገሮች የታረሙበት ገንዘብና ጊዜ አብሯቸው ይጣላል፤ አዲስ የተጻፉት ደግሞ ማንም ሳያያቸው ይገባሉ። በተቃራኒው መንገድ ግን ይህ ኪሳራ አይኖርም፤ ቋንቋ ማረም መዋቅርን አያፈርስምና።

ከብክነቱ የሚበልጥ ሌላ ምክንያትም አለ፦ ጥሩ ቋንቋ የመዋቅርን ጉድለት ይሸፍናል። ይህን ከሃርፐር ሊ ረቂቅ በተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ከባድ ነው። የአላባማዋ ደራሲ በ1957 እ.ኤ.አ. ለሊፒንኮት አሳታሚ ድርጅት ያቀረበችው ልብ ወለድ «ጎ ሴት ኤ ዋችማን» የተሰኘ ነበር። ታሪኩ አድጋ ኒው ዮርክ የምትኖር የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ወደ ትውልድ ከተማዋ ስትመለስ የሚገጥማትን ይተርካል። አርታኢዋ ቴይ ሆሆፍ ረቂቁን ስታስታውስ፣ በእያንዳንዱ መስመር የእውነተኛ ደራሲ ብልጭታ እንደታያት፣ ሥራው ግን ተጠናቆ ከታሰበ ልብ ወለድ ይልቅ የተለያዩ ገጠመኞች ስብስብ እንደነበር ተናግራለች። እነዚህ ሁለት ፍርዶች በአንድ ረቂቅ ላይ አብረው መሰጠታቸውን ልብ ይበሉ። ቋንቋው የሚደነቅ ነበር፤ መጽሐፉ ግን ገና መጽሐፍ አልሆነም። ያን ረቂቅ ለቋንቋ አርታኢ ብቻ ብትሰጠው ኖሮ፣ እሱ የሚያቃናው ብዙ ነገር ባላገኘ ነበር፤ ጉድለቱም እንዳለ ይታተም ነበር።

ሆሆፍ ደራሲዋን ታሪኩን ወደ ወጣቷ የልጅነት ዘመን እንድትመልሰው አሳመነቻት። ከዚያ የሆነውን ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን በማንበብ ማየት ይቻላል፤ የመጀመሪያው ረቂቅ በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟልና። በረቂቁ ውስጥ በሦስተኛ መደብ የተተረከው ታሪክ ልጅቱ ራሷ በአንደኛ መደብ የምትናገረው ሆነ። በረቂቁ ውስጥ ያለፈ ነገር ሆኖ በአጭሩ የተጠቀሰው የፍርድ ቤት ክርክር የአዲሱ መጽሐፍ እምብርት ሆነ። ውጤቱም ተገለበጠ፦ በረቂቁ ተከሳሹ ነጻ ይወጣል፤ በአዲሱ መጽሐፍ ጥፋተኛ ይባላል። ከተማዋንና አንዳንድ ዘመዶችን የሚገልጹ ጥቂት አንቀጾች ከአንዱ ወደ ሌላው ቢተላለፉም፣ አብዛኛው ዓረፍተ ነገር አዲስ ነው። ሥራው ከሁለት ዓመት በላይ ወስዶ «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» በ1960 ታተመ፤ በ1961 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ተራኪ፣ ዘመን፣ ማዕከላዊ ክስተትና ፍጻሜ የሚለወጡበት ደረጃ ይህ ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ነጠላ ሰረዝ ማረም ሥራ አይሆንም።

«አርታኢ መዋቅሬን ከነካ መጽሐፉ የእኔ መሆኑ ይቀራል» የሚል ስጋት ያላቸው ብዙ ደራሲዎች አሉ። የሊ ጉዳይ ይህንንም ይመልሳል። አርታኢዋ ጥያቄ ጠየቀች፣ አቅጣጫም ጠቆመች፤ ተራኪዋን የፈጠረችውና የጻፈችው ግን ሊ ናት። ስጋቱ በእውነት የሚገባው የመዋቅር አርታኢው በደራሲው ምትክ መጻፍ ሲጀምር ነው። እንዲያውም የደራሲን ድምፅ ሳይታወቅ የመለወጥ ዕድል ያለው የቋንቋ አርታኢ ነው፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር የሚነካው እሱ ነውና።

ረቂቅዎን በራስዎ ይፈትሹ

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ረቂቁን ለጥቂት ሳምንታት ያስቀምጡት። ከዚያ እስክሪብቶ ሳይዙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብቡት፤ እስክሪብቶ ከያዙ እጅዎ ፊደል ማረም ይጀምርና ዓይንዎ ሙሉውን ማየት ይተዋል። ንባቡ ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ በአንድ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ይጻፉ። በመስመሩ ላይ አራት ነገር ይስፈር፦ የምዕራፉ ርዝመት በገጽ፣ ማን ምን እንደፈለገ፣ በምዕራፉ መጨረሻ ምን እንደተለወጠ፣ አንባቢው ምን አዲስ ነገር እንዳወቀ። ይህ ከመጻፍ በፊት ከሚዘጋጀው ዕቅድ የተለየ ነው፤ ሊጽፉ ያሰቡትን ሳይሆን የጻፉትን ያሳያል።

ለምሳሌ የሚከተለውን የታሰበ ረቂቅ እንውሰድ። ሃያ አራት ምዕራፍና 300 ገጽ ያለው ልብ ወለድ ነው። ከዓረብ አገር የተመለሰች አበራሽ የምትባል ሴት፣ ወንድሟ የያዘውን የአባቷን መሬት ለማስመለስ ትከራከራለች። ደራሲው ዝርዝሩን ሲሠራ የሚከተለው ይታያል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ምዕራፎች፣ 85 ገጽ፣ ስለ ልጅነቷ ይናገራሉ፤ «ምን ተለወጠ?» በሚለው ሥር ለሦስቱ የሚጻፍ ነገር ጠፋ። ተቃዋሚዋ ወንድም በአካል የሚታየው በምዕራፍ 9 ነው። ክርክሩ የሚፈታው በምዕራፍ 23 ከሳጥን ሥር በተገኘ ኑዛዜ ነው፤ ስለ ኑዛዜው ከዚያ በፊት አንድም ቃል አልተነገረም። ሦስቱም ጉድለቶች የመዋቅር ናቸው፤ የትኛውም በቋንቋ እርማት አይጠገንም።

መፍትሔውም ከዝርዝሩ ይወጣል። ታሪኩ እሷ በተመለሰችበት ቀን ይጀምር፤ ወንድሟ በሩን ይክፈትላት። ከልጅነቷ የሚያስፈልገው ክርክሩን የሚያብራራው ብቻ ስለሆነ 20 ገጽ ያህሉ በየቦታው ይሰራጭ። የአባትየው ሳጥን በምዕራፍ 2 ይታይ፣ ቁልፉ ማን ጋር እንዳለም ይነገር፤ ያኔ ኑዛዜው ሲገኝ አንባቢ ይደነቃል እንጂ አይታለልም። በዚህ ለውጥ 65 ገጽ ከመጽሐፉ ይወጣል። ደራሲው መጀመሪያ ወደ ቋንቋ አርታኢ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ለእነዚያ 65 ገጾች ከፍሎ ነበር፤ አዲስ ለሚጻፉት ትዕይንቶችም እንደገና ይከፍል ነበር።

ቀጥሎ ረቂቁን ሦስት ወይም አራት አንባቢዎች ያንብቡልዎት። የቅርብ ወዳጅ «ደስ ይላል» ስለሚል አስተያየት አይጠይቁ፤ የሆነውን ይጠይቁ። የት ላይ አቁመው ሌላ ሥራ ጀመሩ? የት ላይ ማን ማን እንደሆነ ጠፋባቸው? በግማሹ ላይ መጨረሻው ምን ይሆናል ብለው ጠበቁ? ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ሳይነጋገሩ በአንድ ቦታ ካቆሙ ችግሩ እዚያ ወይም ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ ነው። መፍትሔ ቢጠቁሙ ግን በጥንቃቄ ይስሙ፤ አንባቢ የሚያመውን ቦታ በትክክል ያሳያል፣ መድኃኒቱን ግን ብዙ ጊዜ ይስታል።

ይህ ፈተና ረቂቁ ጤናማ መሆኑን የሚያሳይበት ጊዜም አለ። የእያንዳንዱን ምዕራፍ ለውጥ ያለ ችግር ከጻፉ፣ አንባቢዎችዎ በተለያየ ቦታ ካቆሙ ወይም ጨርሶ ካላቆሙ፣ በቀጥታ ወደ ቋንቋ አርትዖት መሄድ ይችላሉ። ቅርጹ አስቀድሞ የተደነገገ የመመረቂያ ጽሑፍና እያንዳንዱ ለየብቻው የቆመ የግጥም መድበልም ከዚህ ሕግ በከፊል ይወጣሉ፤ ለእነሱ የሚቀረው የመዋቅር ጥያቄ የቅደም ተከተልና የምርጫ ብቻ ነው። ሕጉ በሙሉ ክብደቱ የሚሠራው ረጅም ታሪክ ወይም ረጅም ሐሳብ ባለው መጽሐፍ ላይ ነው።

አርታኢ ሲይዙ

ውሉ የሥራውን ስም ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚረከቡ ይናገር። ለመዋቅር አርትዖት «ስለ አጀማመር፣ ተራኪ፣ ገጸ ባሕርያት፣ ፍሰትና ፍጻሜ የሚናገር ደብዳቤ፣ በረቂቁ ጠርዝ አስተያየት፣ ከክለሳ በኋላ አንድ ውይይት» ተብሎ ይጻፍ። ምዕራፍ ለናሙና ልከው የተመለሰው ፊደል ብቻ የታረመበት ከሆነ፣ ሰውየው ጎበዝ የቋንቋ አርታኢ ሊሆን ይችላል፤ አሁን የሚፈልጉት ግን እሱን አይደለም። ደብዳቤው ሲመጣ በዚያው ቀን አይመልሱ። አስተያየቶቹን ሦስት ቦታ ይክፈሉ፦ የሚቀበሏቸው፣ ችግሩን ተቀብለው መፍትሔውን በራስዎ የሚፈልጉላቸው፣ የማይቀበሏቸው። ሦስተኛው ክፍል ከሁለቱ በጣም ከበለጠ፣ ወይ አርታኢው መጽሐፉን አልተረዳም፣ ወይ መጽሐፉ ሊል የፈለገው ወረቀቱ ላይ የለም።

«አንድ ጥሩ አርታኢ ሁሉንም በአንድ ንባብ ለምን አይሠራም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ችሎታው ያለው ሰው አለ፤ በአንድ ንባብ ግን አይሆንም። «ይህ ትዕይንት ለምን እዚህ መጣ?» ብሎ የሚያስብ ዓይን የ«ጸ»ን እና የ«ፀ»ን ልዩነት ያልፈዋል፤ ፊደል የሚለቅም ዓይን ደግሞ ሦስት ምዕራፍ ወደ ኋላ አያስብም። አንድ ሰው ሁለቱንም ከሠራ በሁለት ዙር ይሥራቸው፣ በመካከላቸውም የእርስዎ ክለሳ ይግባ።

ከባዱ ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ለሦስቱም መክፈል የማይችል ደራሲ ብዙ ነው። ግን ቀድሞ መሠራት ያለበት ሥራ የግድ ከፍተኛው ክፍያ የሚከፈልበት መሆን የለበትም። ከላይ ያለውን ዝርዝርና የአንባቢዎቹን ምርመራ ያለ ክፍያ መሥራት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ረቂቁን አንብቦ ደብዳቤ ብቻ የሚጽፍ፣ ጠርዝ ላይ የማይሠራ አርታኢ ያነሰ ዋጋ ይጠይቃል። የተረፈውን ገንዘብ ለቋንቋ አርትዖት ያውሉት፤ የቋንቋን ወጥነት ደራሲው በራሱ ጽሑፍ ላይ ማየት በጣም ይከብደዋልና።

መዋቅሩ ከረጋ በኋላ

የቋንቋ አርታኢው በወርድ ላይ Track Changes የሚለውን ከፍቶ እንዲሠራ ይጠይቁ፤ የተለወጠው ሁሉ ይታያል፣ የማይስማሙበትንም መመለስ ይችላሉ። ከታረመው ረቂቅ ጋር የውሳኔ ዝርዝር ይረከቡ፦ የትኛው ቃል በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ፣ ቁጥር መቼ በአኃዝ መቼ በፊደል እንደሚሆን፣ የውጭ ስሞች እንዴት እንደሚጻፉ፣ ማን ማንን «አንቱ» እንደሚል። በአበራሽ ረቂቅ ውስጥ እንዲህ የሚል ቦታ አለ እንበል፦ «አበራሽ ወደ ቀበሌው ፅህፈት ቤት በገባችበት ሰዓት ሊቀ መንበሩ ተቀምጦ ነበር። እሳቸውም ቀና ብለው አዩዋት፤ ከዛም በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች በሙሉ ሁሉም ዝም አሉ።» የቋንቋ አርታኢው እንዲህ ይመልሰዋል፦ «አበራሽ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ስትገባ ሊቀ መንበሩ ተቀምጠው ነበር። ቀና ብለው አዩዋት፤ ከዚያም እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ዝም አለ።» የአክብሮቱ አጠራር አንድ ሆነ፣ ፊደሉ አንድ ሆነ፣ «በሙሉ ሁሉም» ወደ አንድ ቃል ወረደ። የመዋቅር አርታኢው በዚህ ቦታ ላይ ከእነዚህ አንዱንም አይነካም ነበር፤ የሚጠይቀው «ሰዎቹ ለምን ዝም እንዳሉ አንባቢ እስከዚህ ያውቃል?» የሚለውን ነው።

የቋንቋ ለውጦቹን ከተቀበሉ በኋላ ጽሑፉ ወደ ገጽ ቅንብር ይሄዳል፤ የመጨረሻው እርማት የሚሠራው በዚያ ፒዲኤፍ ላይ፣ ቢቻል በወረቀት ታትሞ ነው። ከዚህ በፊት መጽሐፉን ያላየ ሰው ቢያነበው ይመረጣል፤ ደራሲው የተጻፈውን ሳይሆን የሚያስታውሰውን ያነባል። አራሚው ሊፈልጋቸው የሚገቡት የታወቁ ናቸው፦ በማውጫው ያለው የገጽ ቁጥር ከምዕራፉ ጋር መግጠሙ፣ የአንዱ ምዕራፍ ርዕስ በሌላው ገጽ ራስጌ ላይ አለመቅረቱ፣ አራት ነጥብ ወደ ሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ አለመሻገሩ፣ የተዘለለ ወይም የተደገመ አንቀጽ አለመኖሩ። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ረቂቅ ወደ ዩኒኮድ ከተቀየረ ደግሞ አንዳንድ ፊደሎች በሌላ ምልክት ተተክተው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ቁጥሮችንና ብዙም የማይዘወተሩ ፊደሎችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

በዚህ ደረጃ የሚደረግ ማናቸውም የይዘት ለውጥ አደጋ አለው። ታላላቅ ደራሲዎች በፕሩፍ ላይ ጽፈዋል መባሉ እውነት ነው። ጄምስ ጆይስ «ዩሊሲስ»ን ሲያሳትም ዲዦን ከሚገኘው አታሚ በመጡት ፕሩፎች ላይ እጅግ ብዙ አዲስ ጽሑፍ ጨመረ። የዚያም ዋጋ በ1922 እ.ኤ.አ. በወጣው የመጀመሪያ ኅትመት ላይ ታየ፦ ስሕተቱ ከመብዛቱ የተነሳ አሳታሚዋ ለፊደል ስሕተቶቹ ይቅርታ የሚጠይቅ ማስታወሻ አስገባችበት። በፕሩፍ ላይ የገባ አንቀጽ የቋንቋ አርታኢ ያላየው ነው፤ ተከታዮቹን ገጾች ይገፋል፤ ማውጫውን ያዛባል። አንድ ትዕይንት በእርግጥ መለወጥ ካለበት ኅትመቱን ማቆምና ያንን ክፍል እንደገና በቋንቋ አርትዖት ማሳለፍ ይሻላል።

ስለዚህ ረቂቅዎን ለቋንቋ አርታኢ ከመላክዎ በፊት ራስዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ከዚህ በኋላ የሚወጣ፣ የሚጨመር ወይም ቦታ የሚቀይር ምዕራፍ አለ? መልሱ «የለም» ከሆነና የምዕራፎቹ ዝርዝር ይህን ካረጋገጠ ይላኩት። መልሱ «ምናልባት» ከሆነ ግን ረቂቁ ገና የመዋቅር ሥራ ይጠብቀዋል፤ ለፊደል እርማት የያዙትን ገንዘብም እስከዚያ ያቆዩት።